አሥራ ሰባት የሚያምሩ ደብዳቤዎች

መስማት የተሳናት ባለቤቴ ጆሮዋ ላይ የምታደርገው ማዳመጫ በተገዛ በሦስተኛው ወር ጸጥ አለ። የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። የልጅ ልጃችን ደግሞ በዚያው ሰሞን አፏን ፈታች። በስልክ «እማማ» ስትል የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለባለቤቴ በወረቀት እጽፍላታለሁ።

ለአምራቹ ድርጅት ልጽፍ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። «ከዴስኩ ሰው ጋር አትድከም፣ ለአለቃው አቤት በል» ብዬ ያልመከርኩት የለም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ።

የደንበኞች አገልግሎቷ ልጅ «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል» ብላ መለሰች። በአራተኛው ኢሜይሌ ላይ ግን «አባቴ፣ አጻጻፍዎ እንዴት ያምራል!» አለችኝ። በዚህ ሙገሳ ልቤ ቀለጠ። በአራት ወር አሥራ ሰባት ጻፍኩ፤ አንድ ርእስ መደጋገም ስለሚያሳፍረኝ በየጊዜው አዲስ ርእስ እሰጠዋለሁ። ለካ አዲስ ርእስ በመጣ ቁጥር አዲስ መዝገብ እየተከፈተ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይጥለኝ ኖሯል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ኢሜይሎቼን አነበበቻቸው።

«አንተ ሰውዬ!» ስትል ጎረቤት ሁሉ ሰማ፤ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ትጮኻለች። «ጆሮዬን ነው የምታስጠግነው ወይስ ልጅቷን ነው የምታጫውታት? እሷ እኮ ቀይሩ ብላ የማዘዝ ሥልጣን የላትም!»

ቁጭ ብላ ለአቤቱታ ኃላፊው ስድስት መስመር ጻፈች፦ የመጀመሪያውን መዝገብ ቁጥር፣ የተገዛበትን ቀን፣ የተበላሸበትን፣ እንዲቀየርላት፣ በሰባት የሥራ ቀን መልስ ካላገኘች ወደ ሸማቾች ጥበቃ ቢሮ እንደምትሄድ። «ሰላምታ እንኳ የለውም!» ብዬ በወረቀት ተቃወምኩ። ሳቀችብኝ።

ኃላፊው ዝም አለ። በስምንተኛው የሥራ ቀን ደረሰኙንና ዋስትናውን ይዛ ወደ ሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ሄደች፤ እኔም በወረቀት ያሳተምኳቸውን ደብዳቤዎቼን ታቅፌ ተከተልኳት። የቢሮው ሹም የእኔን ገለጥ ገለጥ አደረገና ወደ ጎን ገፋው። የእሷን ሁለቴ አነበበ።

«ለኃላፊው ጽፈዋል፣ ቀን ሰጥተዋል፣ ቀኑም አልፏል። ይኼ ይበቃናል» አለ። እሷ ስለማትሰማ፣ ይህን ቃል በቃል የጻፍኩላት እኔው ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረኝ ጽሑፍ የለም።

ቢሮው ለድርጅቱ በጻፈ በዘጠኝ ቀን አዲስ ማዳመጫ መጣ። ወዲያው ልጃችን ጋ ደወልን። ሕፃኗ ስልኩን ከእናቷ ነጠቀችና ስለ ድመት፣ ስለ ጫማዋ፣ ስለ ዝናብ ሳትተነፍስ ታወራ ጀመር። ባለቤቴ እያለቀሰች ሰማች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንድ ቃል ብቻ ነው የምትለው ብለህ ጽፈህልኝ አልነበር?»

«ያኔ ነዋ» አልኳት። «ደብዳቤ መጻፍ ስጀምር።»