የአልጣሽ ዓይን እንዴት በራ

በ2010 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ አንድ ቪዲዮ ፌስቡክን አጥለቀለቀው። አንዲት ሴት ጸበል ዳር ቆማ፣ «ዓይኔ በራልኝ! ልጄን አየሁት!» እያለች ታለቅሳለች። ከስሩ «ሰባት ዓመት የታወረች እናት በጸበል ተፈወሰች» ይላል።

ንጋትና ወልደ ኪዳን ላሊበላ ላይ የአጥቢያቸውን ሰንበት ትምህርት ቤት የዩቲዩብ ቻናል ያዘጋጃሉ።

«ሁሉም ለቀቀው፤ እኛ ብቻ ቀረን» አለ ወልደ ኪዳን።

«ስሟ የለም፣ ደብሩ የለም። ይኸው፣ ‹አየሁት› ብላ ልትቀጥል ስትል ምስሉ ዘለለ። ተቆርጧል» አለች ንጋት።

መጀመሪያ የለቀቀውን ገጽ ፈልገው ጻፉለት፤ መልስ የለም። ወልደ ኪዳን ግን የጸበሉን ዳስ አወቀው፤ ብልባላ አካባቢ ነው። ለደብሩ አገልጋይ ለቄስ ተክለ ሚካኤል ደወሉ።

«ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ አልጣሽ ትባላለች። ነገሩን ከራሷ ስሙት» አሉ ቄሱ።

በማግስቱ ሄዱ። ወይዘሮ አልጣሽ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ደቃቁን ጠጠር ሳይቀር ለይታ ታያለች። የመጡበትን ሲነግሯት ፊቷ ጠቆረ።

«እትዬ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ አንዲት ቃል አናወጣም» አለች ንጋት።

«ልጄ፣ የዓይን ሞራ ነበረብኝ። ወልድያ በዘመቻ የመጡ ሐኪሞች ገፈፉልኝ። ከዚያ ላመሰግን ጸበል ወረድሁ። ሐኪሞቹንም እዚያው መርቄ ነበር፤ እሱን ቆርጠው ጣሉት። ፈጣሪ በእጃቸው አዳነኝ ማለት ነውር ነው እንዴ?»

ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር። ጎረቤቷ አራጋው ያው ሕመም አለበት፤ ቪዲዮውን ሰምቶ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮውን ትቷል።

አልጣሽ የሕክምና ካርዷን አወጣች። ፈቅዳላቸው አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ወደ ወልድያ የላከቻት ነርስ መዝገቡን አገላብጣ ቀኑን አረጋገጠች፤ ሕክምናው ከቪዲዮው ሦስት ሳምንት ይቀድማል።

ወልደ ኪዳን እንደ አዲስ ቀረጻት። ንጋት የጻፈችውን መግለጫ ጮክ ብላ አነበበችላት።

«ሰባት ዓመት ከየት አመጣችሁት? ሁለት ዓመት ነው» አለች አልጣሽ።

አረሙት። ቃሏን ሳይቆርጡ፣ የካርዱን ቁጥር ሸፍነው ለቀቁት። ያየው ሰው ከመጀመሪያው ቪዲዮ ጋር አይወዳደርም። አንዳንዱም «ጸበሉን ካዳችሁ» ብሎ ሰደባቸው። ቄስ ተክለ ሚካኤል ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ አሰሙት፤ አራጋውም ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ሰማ።

በሚያዝያ አልጣሽ ደወለች። «አራጋው ዓይኑን ተሠርቶለት መጣ! ዛሬ ገበያ ብቻውን ወጥቶ በሬ ሲያማርጥ ዋለ።»

ንጋት ስልኩን ለወልደ ኪዳን አቀበለችው። «ስማ፣ ካንተም ጆሮ ይግባ» አለችው፤ ሁለቱም እየሳቁ ከእሷ ጋር እስኪጠግቡ አወሩ።