ከወንበሩ ሲነሳ

ፀጉር አስተካካዩ አባቷ በሕይወት ዘመኑ አንድም ቴአትር አይቶ አያውቅም። ልጁ ድራማ ትምህርት ቤት ልትፈተን መሆኑን ሲሰማ ግን፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ሲሰማ የሚውል ሰው ይሄ እንዴት ያቅተዋል ብሎ የልምምድ አጋሯ ሆነ።

ትምህርት ቤቱ ለአመልካቾች ከላካቸው ንግግሮች አንዱን መርጣ በቃሏ ይዛለች። ሁለት ደቂቃ የምትሞላ ናት። ብቻዋን የምትናገረው እህት ናት፤ ሻንጣውን ይዞ ሊሄድ የተዘጋጀውን ወንድሟን ልታስቀር ትፈልጋለች። ትለምነዋለች፣ ልታስቀው ትሞክራለች፣ አልሆን ሲላት ትሰድበዋለች። ምንም ብታደርግ እንደማይቀርላት ሲገባት ግን ነገሩ ይዞራል፤ "ሂድ። በሩን እኔ እዘጋዋለሁ" ትለዋለች። ፈታኝ የሚጠብቀው ያቺን መዞሪያ ነው፤ የቀረውን ማንም ያነበንበዋል።

አባት ወንድምየው ሆኖ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጥላትና መዞሪያው ላይ ሲደርሱ ብድግ ይላል። እሱ ሲነሳ "ሂድ" የሚለው ቃል ራሱ ይመጣላታል። አንድ ቀን ጎን ባለው ወንበር ላይ ግማሽ ጢሙ ብቻ የተላጨ ደንበኛ አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ፣ "ጌታው፣ ወይ ይሂዱ ወይ ይላጩኝ" ብሎ ሁለቱንም በሳቅ ገደላቸው።

ከዚያ አባት ታመመ። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ሆና ስታሰማው መነሳት ስለማይችል፣ መዞሪያው ላይ ጣቱን ከአንሶላው ከፍ ያደርጋል፤ ተነሣሁልሽ ማለቱ ነው። የመጨረሻው ቀን እንደ ልማዷ ጀመረች፣ "አትሂድ" አለች፣ ለመነች፣ ቦታው ላይ ስትደርስ ጣቱ ከፍ አለች። ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣ አለ። "አባዬ፣ ጠፋብኝ" ብላ ዋሸችው። ጣቱ እንደተነሳች ትንሽ ጠበቀቻትና ተመልሳ ወደቀች። ሲነጋ አባቷ አልነበረም።

በፈተናው ቀን ኮሪደሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሚያጉተመትሙ አመልካቾች ተሞልቷል፤ ለማያውቅ ሰው የሁሉም አእምሮ የተነካ ይመስላል። ተራዋ ሲደርስ ገባች። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ስሟንና የትኛውን ንግግር እንደመረጠች ተናገረች። ፈታኞቹን እያዩ መናገር ስለማይመከር፣ ወንድምየውን ከመሃለኛው ፈታኝ ትከሻ በላይ፣ መስኮቱ ጋ አቆመችው። አንድም ቃል ሳትስት ጨረሰች።

ከፈታኞቹ አንዷ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች መምህርት፣ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

"ወንድምሽን የለቀቅሽው የቱ ጋ ነው?"

"ሂድ ስለው።"

"አፍሽ ነው ያለው። እጅሽን እስቲ እዪው።"

አየችው። ጨብጣዋለች፣ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። መዞሪያውን ሁልጊዜ አባቷ ሲያመጣላት ኖሮ፣ ለካ እሷ አንድም ቀን ራሷ ዞራ አታውቅም። አፈረች፣ ከሐፍረቱም በላይ አባቷ ናፈቃት።

"እንደገና ሞክሪው" አለች መምህርቷ። "ቃሉ ተራው ስለደረሰ ብቻ አትበዪው። እስኪመጣ ዝም በይ። መልቀቅ ካልቻልሽ ሳትዪው ውጪ፣ ቅር አይለንም።"

ልጅቷ ወንበር ይሰጧት እንደሆነ ጠየቀች። ወንበሩን በስተፊቷ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርጋ አኖረችው፤ እሱን ስታይ ፊቷ ለፈታኞቹም እንዲታይ። ከመጀመሪያው ጀመረች። ለመነችው። ስታስቀው ራሷም ሳቀች፣ ያ ግማሽ ጢም ትዝ ብሏት። ሰደበችውና ስድቡ መሃል ላይ ድምጿ ተሰበረ። ከዚያ ዝም አለች። ወንበሩ ባዶ ነው፣ የሚነሳላት የለም። ዝምታው ረዘመ፤ አንዱ ፈታኝ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጣቲቱ ከአንሶላው ላይ ተነሥታ ስትጠብቃት ታየቻት። እሷ አሻፈረኝ ስላለች አባቷ እንደዚያ ደክሞት ሳለ መጠበቁ አንጀቷን በላው።

እጇ ተፈታ።

"ሂድ" አለችው በቀስታ። "በሩን እኔ እዘጋዋለሁ።"

አመስግነው አሰናበቷት። ኮሪደሩ ጥግ ተቀምጣ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ለአባቷ የነፈገችውን ቃል ለማታውቃቸው ሦስት ሰዎች መስጠቷ፣ ያውም ለፈተና፣ አቃጠላት። ምናለ ያን ቀን ብዬው በነበረ አለች።

መምህርቷ በሩን ከፍታ ጠራቻት። ለሁለተኛው ዙር አልፋለች፤ ከሰዓት በኋላ ሌሎች ፈታኞች ስለሚያዩዋት ያንኑ ንግግር ትደግመዋለች።

"ያንኑ?" አለች ልጅቷ ክው ብላ። "አንዴ ለቀቅኩት እኮ።"

"ሥራው እሱ ነው እናቴ። በየምሽቱ ትለቂዋለሽ።" መምህርቷ ልትመለስ ብላ ቆም አለች። "ግን ከመጀመሪያው ስትጀምሪ፣ ገና ከወንበሩ አልተነሳም።"

ልጅቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ከሰዓት በኋላ እስኪደርስ እዚያው ተቀምጣ ጠበቀች። በአጠገቧ የነበረውን ባዶ ወንበር አንዱ አመልካች ሊቀመጥበት ሲል፣ "ይቅርታ፣ ሰው አለው" አለችው።