ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ

ዳይሬክተራችን አቶ ጉልላት ጠረጴዛውን መቱና «ለጩማ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አርቅቂልኝ። ጠንከር አድርጊው!» አሉኝ።

ጋሼ ጩማ በእኔ ሥር ሆነው የአረካውን የዘር መጋዘን ይይዛሉ። የበልጉ ዝናብ በጣሪያው ገብቶ ግማሹን የበቆሎ ዘር አበላሽቶብናል። ይህ ደብዳቤ ማኅደራቸው ውስጥ ከገባ ጡረታቸው ሳይደርስ ይባረራሉ።

ደሜ ፈላ። ሰውየው ጣሪያው ያፈሳል እያሉ ስንቴ ነግረውኛል! እኔም ለአቶ ጉልላት ጽፌያለሁ፦ «ክቡር ሆይ፣ ከዝናቡ በፊት ካልተጠገነ ዘሩ ይበላሻል። እንዲፈቅዱልን በትሕትና እጠይቃለሁ።» ምን ያንሰዋል? እሳቸው ግን «ይበላሻል» የሚለውን አስምረው፣ «ለበላይ እንዲህ አይጻፍም፣ ማስፈራሪያ ይመስላል» ብለው መለሱልኝ። እንዴ! ለበላይ አክብሮት ይጨመራል እንጂ እውነት ይቀነሳል? እንዳለ መልሼ ላክሁት። እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ተኛ።

የግዥው ኃላፊ ተሻገር እኩያዬ ነው። ለእሱ በቴሌግራም «ተሻገርዬ፣ የቆርቆሮውን ዋጋ እስከ ሐሙስ ላክልኝ፣ አደራ» አልኩት። ለዳይሬክተሩ ግልባጭ አላደረግሁም። እኩያህን በግልባጭ ከከሰስከው ሁለተኛ ደስ ብሎት አይሠራልህም። ረቡዕ ላከልኝ። ለጋሼ ጩማ ደግሞ «ጆንያዎቹን ከሚያፈስበት ያርቁልኝ፣ ሰው ካነሰዎት ይደውሉልኝ» ብዬ ጻፍኩ። የቀረውን ዘር ያተረፉት እሳቸው ናቸው።

ተሻገር ነገሩን ሰምቶ ቢሮዬ መጣ። «ፍሬሕይወት፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ጻፊና ተገላገይ።»

«ንጉሥ አይደሉም፣ ዳይሬክተር ናቸው!» አልኩት።

ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያ ያለ ጥፋት አይወጣም፣ ጥፋቱ በግልጽ መስፈር አለበት። አሰፈርኩት፦ «ጣሪያው እንደሚያፈስ ደጋግመው በማሳወቅዎና ግማሹን ዘር ከዝናብ በማዳንዎ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በጥብቅ እናስጠነቅቅዎታለን።» ከሥሩ የአቶ ጉልላት ስም፣ ከዚያ ግልባጭ ለግል ማኅደራቸውና ለቦርዱ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የዳይሬክተሩ አለቃ ለሆነው ቦርድ ይደርሳል፣ ደንባችን ነው።

አቶ ጉልላት ብዕራቸውን ከፍተው ማንበብ ጀመሩ። ፊታቸው ቀላ።

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ክቡር። ጠንከር አድርጊው አሉኝ፣ አጠነከርኩት። እኔ የማውቀው ጥፋታቸው ይኸው ነው። ሌላ ካለ ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ።»

ከፊታቸው ንቅንቅ አላልኩም። ዓይናቸው «ለቦርዱ» የሚለው ላይ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።

«ውጪልኝ ከዚህ!»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሆኜ አረካ ደወልኩ።

«ጋሼ ጩማ፣ ነገ ሥራ ይግቡ» አልኳቸው። «እንደ ወትሮዎ።»