ሰማያዊው መቆንጠጫ

ሎሬል ከሰባት ወር ሕመም በኋላ ወደ እንቁላል መምረጫ ፋብሪካው ስትመለስ ኬክ ተቆርጦ ጠበቃት። ኬኩስ ባልከፋ፤ አብረውት የቀረቡት ዓይኖች ናቸው የከፉት። የማሸጊያ ክፍሏ ግሌኒስ፣ የከተማቸው የቤንዲጎ ወሬ ሁሉ በሷ በኩል የሚያልፍ ሴት፣ ከእግር እስከ ራሷ በዓይኗ ለካቻት።

"ውይ ሎሬልዬ፣ ከስተሽ እንዴት አምሮብሻል! ምን በልተሽ ነው?"

"ሰው" አለች ሎሬል።

ሁሉም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን አልተነቀለም።

ምን እንዳመማት ሐኪሟ ብቻ ናት የምታውቀው። አለቃዋ ማሪ እጅ ያለው የሐኪም ወረቀት እንኳ የሚለው ምን መሥራት እንደምትችል ነው፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ከአምስት ኪሎ በላይ ማንሳት ክልክል፣ በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ግምገማ። የበሽታው ስም የበሽተኛዋ ነው፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ሰው ደግሞ ያልተነገረውን ራሱ ካልሞላው እንቅልፍ አይወስደው! አራት ሰዓቷን ጨርሳ ቦርሳዋን ስታነሳ "ለአንዳንዱ ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች" ይላል አንዱ። ዓርብ ሥራ በጊዜ ሲያልቅ እንደ ልማዳቸው ከበረዶ ሣጥን ቢራ ሲታደል፣ ሎሬል እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ግሌኒስ አየች። ሰኞ ጠዋት፣ ሎሬል መጠጥ የሚያስተዉበት ቤት ተኝታ ኖሯል ተባለ።

የአንጀት ካንሰር ነበር። ተቆርጦ ወጣላት፤ ከዚያ የተሰጣት መድኃኒት ግን የጣቶቿን ጫፍ አደንዝዞ ሄደ፤ ቀዝቃዛ ስትነካ እንደ መርፌ ይወጋታል። ሐኪሟ ስትጠይቃት "አሁንማ ተሽሎኛል" ብላ ዋሸች። ምን ታድርግ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠችበት የእንቁላል ፈታሽ ወንበር ላይ አሁን በሷ ፋንታ የተተካው ዋርዊክ ተቀምጧል፤ እሷ ከጎኑ ተደርባ ነው የምትሠራው። ግምገማውን ካላለፈች ወንበሩ የሱ ሆኖ ይቀራል።

ሥራው እንዲህ ነው። እንቁላሉ ከማቀዝቀዣው ክፍል ይመጣል፣ በብርሃን ላይ ይታያል፣ ዓይን የሳተውን ስንጥቅ ጣት ይይዘዋል። የተሰነጠቀውም፣ እጅ ላይ የተሰበረውም ወደ ውድቅ መጣያ ትሪ ይገባል። ፈታሽ ሁሉ በትሪው ላይ የራሱን ቀለም መቆንጠጫ ይሰካል፤ ሎሬል ሰማያዊ፣ ዋርዊክ ቢጫ። እጅ ላይ የተሰበረውን ማሪ በየቀለሙ ትመዘግባለች።

ሎሬል ትሰብር ነበር፤ አስኳሉ ሲፈስ እንጂ ቅርፊቱ ሲሰበር አይሰማትም። ዋርዊክ ደግሞ ለሻይ በወጣች ቁጥር ትሪዋ ላይ ሲያጎነብስ ታየዋለች። "ይቆጥርብኛል፤ ለማሪ ሊያሳይ ነው" አለች በልቧ። ሰላምታውን እንኳ መመለስ ተወች።

የግምገማው ቀን ጠዋት ከማቀዝቀዣው በር ጀርባ ሆና ጠበቀችው። ዋርዊክ ግራ ቀኝ አየ፤ ከሷ ትሪ ላይ ሰማያዊውን ነቀለና የራሱን ቢጫ ሰካ።

"አንተ! ምን እያደረግህ ነው?"

ክው አለ። "ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ሚስቴም ያንኑ መድኃኒት ስትወስድ፣ እንዳንቺ ቀዝቃዛ በር በእጅጌዋ ነበር የምትከፍተው። ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ።"

"ማን ለመነህ? ጠየቅኸኝ?"

"ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር?"

በዚያው ማሪ ጠራቻት።

"ሎሬል፣ በአራት ሳምንት የሰበርሽው ስድስት እንቁላል ብቻ!" አለች ማሪ መዝገቡን እያገላበጠች። "ድሮም እንዲህ አልነበርሽም። ሐኪምሽ ከፈቀደች ከሰኞ ሙሉ ቀን፤ ወንበርሽም ያንቺው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ዋርዊክ ግን እጁ ከድቶታል። እሱን ወደ ጽዳት ላወርደው ነው።"

ሎሬል ወንበሩን ፈልጋዋለች፤ እግዜር ያውቃል፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ እንኳ ስታልመው ነበር። አንድ "አመሰግናለሁ" ብቻ ነበር የሚበቃው።

"ቢጫዎቹ የኔ ናቸው" አለች። "ካንሰር ነበረብኝ። ጣቴ አይሰማኝም።"

ማሪ ብዕሯን አስቀመጠች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ወንበሬን ትሰጪብኛለሽ ብዬ።"

"እሰጥብሻለሁም" አለች ማሪ፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። "ከሥራ ግን አትወጪም። ለሐኪምሽ እውነቱን ንገሪያት፤ አዲስ ወረቀት ይዘሽ ነይ፣ በዓይን ብቻ የሚሠራ ሥራ እንፈልግልሻለን።"

ስትወጣ ግሌኒስ በሩ ላይ ነበረች። "እህስ? ምን አሉሽ?"

"ካንሰር ነበረብኝ፣ ግሌኒስ። ቢራውን የተውኩት ብርዱ ጣቴን ስለሚያቃጥለኝ ነው። ሌላ የቀረሽ አለ?"

ግሌኒስ ከበሩ ገለል ብላ አሳለፈቻት።

ሎሬል ወደ ወንበሩ ሄደች። ዋርዊክ ሊነሳላት ሲል ትከሻውን ይዛ መለሰችው። ከዚያ ቢጫውን ከትሪዋ ነቀለችና ሰማያዊውን ለመሰካት ታገለች። ሁለቴ ከጣቷ ወደቀ። ዋርዊክ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ መልሶ ሰበሰበውና ጠበቃት።