ቢቋረጥ የሚደወልበት ቁጥር

ቀንቼ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገረው፤ ዓይኔ ደም እስኪለብስ ቀንቼባታለሁ። ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት ባገለገልኩበት ቅርንጫፍ ቢሮ አምና የተቀጠረች ልጅ፣ ገና ወንበሯ ሳይሞቅ፣ ሥራ አስኪያጃችን "ፈጣኗ" የሚል ስም አወጡላት። ፋይል ሲጠፋ ፈጣኗ ትጠራ፤ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ ፈጣኗ ትምጣ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሯሯጥ ማን አየኝ? በዚያ ላይ "እትዬ" ነው የምትለኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው እኮ። በአክብሮት እንደሆነ ይገባኛል፤ መግባቱ ግን አላበረደኝም።

የአስተዳደር ኃላፊያችን ጡረታ ሲወጡ ለቦታው ሁለታችንም አመለከትን። ያን ቦታ ምን ያህል እንደምፈልገው እኔና ትራሴ ነን የምናውቀው። ፈታኞቹ ያሉት በሌላ ከተማ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለሆነ ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሐሙስ ጠዋት እሷ በሦስት ሰዓት፣ እኔ በአራት። ሥራ አስኪያጁ ወደ መስክ ሊወጡ ጃኬታቸውን እየለበሱ፣ የስብሰባ ሊንክ የምትልኪው ሁሌም አንቺ ነሽና የዚህንም አንቺው ላኪ አሉኝ። ተወዳዳሪ መሆኔን ረስተውታል። አላስታወስኳቸውም።

ሊንክ መላክ ማለት ሊንክ ቀድቶ መለጠፍ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። ግማሹ ሥራ ከሥሩ ያለው መስመር ነው፤ "ግንኙነቱ ከተቋረጠ በዚህ ስልክ እንደውልልዎታለን" የሚለው። ይህችን መስመር ለቢሮው ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ የእኛ ኢንተርኔት እንደ አኩራፊ አማት ያለ ምክንያት ጥሎ ይሄዳላ። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ የጠፋ አመልካች እንደቀረ ይቆጠራል።

የራሴን መጥሪያ አሳምሬ ጻፍኩ፤ ሊንኩን፣ ከሥሩ የጠረጴዛዬን ስልክ ቁጥር። ያንኑ ለእሷ ገለበጥኩና ስሟን አስገባሁ። ከዚያ ያችን መስመር አጠፋኋትና ሁለቱንም፣ እንደ ወትሮው ለፈታኞቹ ግልባጭ አድርጌ፣ ላክኋቸው። ሊንኩ ትክክል ነው፣ ሰዓቱ ትክክል ነው፣ ማን ምን ይለኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ትንሿ የስብሰባ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ከውጭ ፋይል የማስተካክል መስዬ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ሰጠሁ። ተቋረጥ፣ ዛሬ እንኳ ተቋረጥ እያልኩ ኢንተርኔቱን ስለማመነው ቆየሁ። ጭራሽ ፈታኞቹ ሲስቁ ተሰማኝ። አሳቀቻቸው! አርባ ደቂቃ ሙሉ አንዴ እንኳ ሳይቆራረጥ ጨርሳ ወጣችና፣ "እትዬ፣ ቀላል ነው፣ አይጨነቁ" አለችኝ። ተጨንቃለች ብሎ ማን ነገራት?

በአራት ሰዓት እኔ ገባሁ። ሰብሳቢዋ ድምጿ ዝግ ያለ፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ጥሩ ጀመርኩ፤ ስለ ግዥ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ሠራተኛ ፈቃድ ሲጠይቁኝ፣ መልሱ እንደ ውሃ ይፈስልኝ ነበር። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሰብሳቢዋ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ እየዞረች መጣች። ጥግ ላይ ያለው ራውተር ቀይ አብርቷል።

አልደነገጥኩም። መጠባበቂያ አለኝ። ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ ስልኩ አጠገብ ተሰየምኩ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ እጀታውን ሳነሳው ድምፅ የለውም፤ ያ የተለመደው እምምም የሚለው ጠፍቷል። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ከሦስት ወር በፊት ቴክኒሻኑ የቢሮውን ስልኮች በሙሉ ወደ ኢንተርኔት መስመር አዙሯቸዋል። የሥራ መረከቢያው ላይ የፈረምኩት ራሴ ነኝ! ቪዲዮውም ስልኩም በአንዲት ገመድ ነው የሚመጡት፤ አንዱ ሲሞት ሌላው አብሮ ይሞታል። መጠባበቂያ ብዬ የጻፍኩት ባዶ ነገር ነበር።

ዘመናዊው ስልኬ መስታወቱ ተሰብሮ ጥገና ቤት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ባለቁልፏ አሮጌ ስልኬ ናት፤ ኢንተርኔት አታውቅም። የዋናው መሥሪያ ቤት ቁጥሮች ያሉት ኢሜይሌ ውስጥ፣ ኢሜይሉ ደግሞ ከተዘጋው ኢንተርኔት ማዶ። የሥራ አስኪያጁን ሞባይል ሞከርኩ፤ የሄዱበት መስክ ኔትወርክ የለም። ስድስት ደቂቃ ሄዷል።

ፈጣኗ ወንበሯ ላይ ሆና ስታየኝ ፊቴ ነገራት መሰለኝ፣ ተነስታ መጣች። ሞባይሏን አውጥታ ቁጥር እየነካካች፣ የሰብሳቢዋ የግል ሞባይል ቁጥር እኔ ጋ አለ አለችኝ። ከየት አምጥተሽ አልኳት። መጥሪያዬ ላይ ቢቋረጥ የሚደወልበት አልነበረበትም፣ አለች፤ ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ለሰብሳቢዋ ራሷ ጽፋ፣ ሁለት ደቂቃ ከጠፋሁ እኔ ልደውል ብላ፣ ቁጥሯን ጠይቃ ተቀብላለች። እኔን አላስቸገረችም። እኔ የነፈግኳትን እሷ በአንድ ኢሜይል አገኘችው፤ ያውም ከእኔ የተሻለውን።

ስልኩ ጠራ። የሰብሳቢዋ ድምፅ ዝግ ያለ ስለሆነ ፈጣኗ ስፒከር ላይ አደረገችልኝና ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ቆመች። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ነበርን። ሰብሳቢዋ፣ ስልክሽ አልጠራ ብሎን ልንዘጋው ነበር፣ በድምፅ እንቀጥል አለች። ቀጠልን። የቀሩትን ጥያቄዎች መለስኩ፤ ደህና አድርጌ ነው የመለስኩት። ቦታው በእጄ ሊገባ ይችል ነበር።

ማብቂያው ላይ ሰብሳቢዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንቺ መጥሪያ ላይ መጠባበቂያ ቁጥር አለ። የጠዋቷ አመልካች ላይ የለም። የላክሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ረስተሽ ነው?"

ቀና ስል ፈጣኗ እያየችኝ ነው። ገብቷታል። አሁን ገና፣ እዚያው ቆማ ገባት። ፊቷ ጠቆረና መልሶ ረጋ፤ ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ "አዎ በሏቸው" አለችኝ። እንደገና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችልኝ፤ "ረሳሁ በሏቸው።"

አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። ግን ቅናቴ በዚያች ሰዓት እንደ ቃር ወደ ላይ መጣ። በሥራ በለጠችኝ፣ በጥንቃቄ በለጠችኝ፣ አሁን ደግሞ በደግነት ልትበልጠኝ ነው? ዕድሜ ልኬን ውለታዋን ተሸክሜ ልኖር ነው?

"አልረሳሁም" አልኩ። "ከተቋረጠባት እንድትወድቅ ፈልጌ፣ ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት።"

ሰብሳቢዋ አመሰግናለሁ፣ ውጤቱን በደብዳቤ ታውቂያለሽ ብላ ዘጋች። ደብዳቤው ምን እንደሚል ሁላችንም አውቀነዋል።

ፈጣኗ ከበሩ ተነስታ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣችና እጇን ዘረጋች።

"ስልኬን" አለች።

እትዬ አላለችኝም። ዓመት ሙሉ ስመኘው የነበረው ይህንን ነው፤ ስልኩን አቀበልኳትና ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።