በሐጃ ስልክ የተቆረጠው መስመር

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአስር ላይ የከሚል ፊት በስልኩ መስታወት ላይ ደርቆ ቀረ። አፉ እንደተከፈተ ነበር። «ቆይ፣ ላቅርብልህ» ካለ በኋላ ነው የደረቀው።

ነስሩ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳው፣ ወደ መጅሊሱ፣ ወደ እንግዳ መቀበያው ክፍል መስኮት አስጠጋው። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ አንድ መስመር እንኳ አልጎደለም። ስለዚህ ኢንተርኔቱ አይደለም። ወንድሙ ነው የዘጋው።

ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እናታቸው ደሴ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ከሚል የሚደውለው ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ነው። ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ አጎታቸው በሬ ያወራል። ነስሩ «እስቲ እሷን አሳየኝ» ሲለው ይቆረጣል። ማክሰኞ «ተኝታለች» አለና ጠፋ። ረቡዕ የአልጋው ጫፍ፣ ነጭ አንሶላ ታየና ጠፋ። ነስሩ የአገሩን ሰው ያውቃል። ስደት ላይ ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። «ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው» እየተባለ ከርሞ፣ አንድ ማለዳ የአገር ልጆች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። እሱ ራሱ ስንቱን ለማርዳት በር አንኳኩቷል።

ሳዑዲ፣ ሳብያ ውስጥ፣ በአሠሪው በአቡ ሙሳ ሖሽ፣ በአጥር ግቢው ጥግ ካለችው ክፍሉ ገብቶ ልብሱን በፌስታል መክተት ጀመረ። አቡ ሙሳ የእርሻ ፓምፕ የሚጠግንበት ግቢ ነው፤ ነስሩ ይጠብቃል፣ ያጥባል፣ ይሸከማል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፤ ስለዚህ በስሙ ሲም ካርድ አያወጣም። ከአገሩ ጋር የሚያገናኘው የዚህ ቤት ዋይፋይ ብቻ ነው።

አብዱራህማን በሩ ላይ ቆሞ አየው። አብረው ነው ከየመን የተሻገሩት። ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ በፒክአፕ ወጥቶ፣ ሹርጣ፣ ፖሊስ፣ ካለበት መንገድ ወርዶ ወደ አገሩ እንዲመልሱት እጁን ሊሰጥ ነው። ሰልችቶታል።

«ምነው ሙሽራው፣ ጓዝህን ጠቀለልክ?»

«አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ትናንት ሞኝ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እናቴ ሞታለች፣ አብዱ።»

አብዱራህማን ፈገግታው ጠፋ። «ተነገረህ?»

«አልተነገረኝም። እየዘጉብኝ ነው። ቢያንስ ለአርባዋ ልድረስ።»

«ስማኝ ወንድሜ» አለ አብዱራህማን ቀስ ብሎ። «የእኔ እናት ደህና ናት፣ ታስሬ ብቆይም ግድ የለኝም። ከታሰርክ፣ ሲጅን ከገባህ፣ ስልክህን በር ላይ ነው የሚቀበሉህ። መቼ እንደምትወጣ የሚያውቅ የለም፤ ወር ይሁን፣ ግማሽ ዓመት። በሕይወት ካለች ድምጿን እንኳ አትሰማም። አስብበት። መኪናው አይጠብቅም፣ ከሶላት በኋላ ያላ፣ ጉዞ ነው።»

ነስሩ ፌስታሉን ቋጠረው።

ኢታፈራሁ መጅሊሱን ለመጥረግ ወደ ታች ስትወርድ ውጭ መስኮቱ ሥር አገኘችው። የቤቱ ሠራተኛ ናት፣ የወሎ ልጅ፣ ከእሱ በእድሜ የምትበልጥ። ከሳምንት ወዲህ የአቡ ሙሳን እናት፣ ሐጃን፣ ፎቅ ላይ የምታስታምመው እሷ ነች። ሐጃ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ከአልጋዋ ሳትነሳ እንድታወራ ብሎ አቡ ሙሳ አዲስ የመስመር ስልክ ገዝቶ መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ሰክቶላታል።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው ፌስታሉን አይታ።

ነገራት። ኢታፈራሁ አቀርቅራ መጥረጊያዋን አገላበጠች። ያ ከሁሉም ይልቅ አስፈራው።

«እቴ፣ ነግረውሻል?»

«ምን?»

«ላንቺ ነው የሚነግሩት። ስልክሽን ከሚል ያውቀዋል። ነግረውሽ እንደሆነ አትሸሽጊኝ።»

«ማርያምን፣ ማንም አልነገረኝም» አለች። «እንደ ወንድሜ ነህ፣ በዚህ አልቀልድብህም። ደውል እስቲ፣ እዚሁ እያየሁህ ደውል።»

መጅሊሱ ገብታ መስኮቱን ከፈተችለት። ደወለ። ከሚል ወዲያው አነሳ፤ ተቆጥቶ ነበር።

«አንተ ምን ሆነህ ነው የምትዘጋብኝ? ይቺ ሴትዮ ስንቴ ተዘጋጅታ ትጠብቅህ?»

«እኔ? አንተ አይደለህም እንዴ የምት—»

የመጅሊሱ የመስመር ስልክ ጮኸ፤ ፎቅ ላይ ያለውም አብሮ ጮኸ። የከሚል ፊት ደረቀ።

ነስሩ ግንባሩን ከመስኮቱ ብረት ጋር አጋጨው። ኢታፈራሁ ግን እሱን አላየችም፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሞደም ነበር የምታየው። በርቶ የነበረው አንዱ አረንጓዴ መብራት ጠፍቶ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። የዋይፋዩ መብራት ግን እንዳለ ነው።

«ቆየኝ» አለችና ወደ ፎቅ ሮጠች። ስልኩን ስታነሳ እንደ ወትሮው በጆሮዋ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ሽሽሽ አለባት። የሐጃ እህት ልጅ ነበረች፣ እንዴት አደረች ብላ። ከምሳ በኋላ ዘመድ ሁሉ ሐጃን ለመጠየቅ የሚደውልበት ሰዓት ነው።

ስትመለስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ነስሩ፣ ትናንትም ማክሰኞም ሲቆረጥብህ የጮህከው ሐጃ ስልክ ስትቀበል ነው። ሰምቼሃለሁ።»

«የመጅሊሱ ስልክ ዓመቱን ሙሉ ሲጮህ ኖሮ የለ? መች ቆረጠብኝ?»

ኢታፈራሁ ተንበረከከች፤ የመጅሊሱን ስልክ ገመድ እየተከተለች ሶኬቱ ድረስ ሄደች። ገመዱና ግድግዳው መሃል የክብሪት ቀፎ የምታህል ነጭ ሳጥን አለች፤ ስትጠርግ ሁልጊዜ የምታያት። «ይቺ የላይኛው ላይ የለችም» አለች። «ያኛው እንዲሁ ነው ግድግዳው ላይ የተሰካው።»

ስሟ ፊልተር መሆኑን፣ በአንድ ሽቦ የሚመጡትን የስልኩን ድምፅና የኢንተርኔቱን ሞገድ እንዳይረባበሹ የምትለይ መሆኗን ኋላ ነው የሰሙት። ያኔ የሚያውቁት አንዱ ጋ መኖሯን፣ ሌላው ጋ አለመኖሯን ብቻ ነበር።

«የላይኛውን እነቅለዋለሁ።»

«አቡ ሙሳ ደውሎ ሐጃ ካላነሳች?»

«እኔን ይጠይቀኝ። አንተ ደውል።»

ሞደሙ መስመሩን እስኪያገኝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ፈጀ። መስጊዱ አዛን አለ። ከሖሹ ውጭ የፒክአፕ ጥሩምባ ሁለቴ ተሰማ፤ አብዱራህማን በሩ ላይ ሆኖ አየው፣ ነስሩ ጣቱን አንስቶ ቆይ አለው። የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ተወ። ደወለ።

ከሚል አነሳና ወዲያው ስልኩን አዞረው። ትራስ ታየ፣ ከዚያ የላስቲክ ቱቦ፣ ከዚያ ፊቷ። በጣም ከስታለች። ዓይኗ ይፈልገዋል።

በዚያች ቅጽበት የመጅሊሱ ስልክ ጮኸ።

ነስሩ የእጅ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። ስልኩ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ ጮኸ። ኢታፈራሁ ከደረጃው ወርዳ አነሳችው፣ በዓረብኛ «ሐጃ ተኝታለች» አለች። ምስሉ አልደረቀም። እናቱ ዓይኗን አርገበገበች።

«ነስሩዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከስተሃል።»

«አንቺስ?» አላት።

«እኔማ አርጅቼ ነው። ደግሞ ለምን ትዘጋብኛለህ? ይሄ ልጅ ‹እየዘጋ ነው› ሲለኝ ተቀየምኩህ።»

ጥሩምባው ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። አብዱራህማን መስኮቱ ድረስ መጥቶ በነስሩ ትከሻ ላይ ስልኩን አየ። «እማማ፣ ዱዓ አድርጊልኝ» አላት። «ማን ነው?» አለች። «አብዱ ነው፣ ወደ አገር መግባቱ ነው» አላት ነስሩ። መረቀችው። አብዱራህማን የነስሩን ፌስታል ከመሬት አንስቶ ወደ ክፍሉ ወረወረለትና «ኸላስ፣ አንተ እዚሁ ሁን» ብሎ ወጣ።

ማታ አቡ ሙሳ ስልኩ ለምን እንደተነቀለ ጠየቀ። ኢታፈራሁ ነገረችው። ቅዳሜ ከገበያ ሁለተኛ ፊልተር ገዝቶ መጣ፣ ሐጃም ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ጠፍቶላት በጥሩ ድምፅ አወራች።

አብዱራህማን ከእስር ቤት ወጥቶ አገሩ የገባው በሰኔ ነው። የነስሩ እናት መጋቢት 3 ቀን ሞተች፤ እስከዚያ ድረስ ከምሳ በኋላ በየቀኑ ከልጇ ጋር ተነጋግራለች።