የአራተኛው መስመር ግድግዳ

የታዳጊ ዋናተኞቹ አሰልጣኝ ሰዓቶቹን ብታገላብጥም እንከን አጣችባቸው። ጠብታ የሚሏት ትንሿ ልጅ ሁለት መቶ ሜትር ስትዋኝ፣ በዝላይ ከሚጀመረው ከመጀመሪያው ሃምሳ በቀር የቀሩት ሦስቱ ሰዓታቸው አንድ ነው። አቅሟን መጥና ትዋኛለች ማለት ነው። ይህ ግን በአራተኛው መስመር ነው። በሁለተኛው መስመር ስትዋኝ በየሃምሳው ሰባት አስረኛ ሰከንድ ትፈጥናለች።

"ውሃው እንደሆነ ያው ውሃ!" አለች ለምክትሏ።

ምክትሏ ቪዲዮውን ከፈተ። ገንዳው ሃያ አምስት ሜትር በመሆኑ በየሃምሳው መሃል ወዲያኛው ግድግዳ ላይ መዞር አለ። ጠብታ መነሻው ጋ ስትደርስ ተገልብጣ ግድግዳውን በሁለት እግሯ ትገፋና ትወነጨፋለች። ወዲያኛው ጋ ግን ሳትደርስ ትቀዘቅዛለች፤ ወደ ጎን አጋድላ ግድግዳውን በእግር ጣቶቿ ዳበስ አድርጋው ትመለሳለች። ጥፋቱ በየሃምሳው እኩል ስለሚደገም ወጥ የሆነው ሰዓት ሸሽጎታል።

"እስቲ የሌሎቹን አሳየኝ።"

በአራተኛው መስመር የዋኘው ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ያጋድላል።

በማግስቱ አሰልጣኟ ጠብታን ገንዳው ዳር ለብቻዋ አስቀመጠቻት።

"ግድግዳው ያዳልጣል እንዴ የኔ ልጅ?"

"አያዳልጥም ኮች።"

"ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?"

ልጅቷ ውሃውን አየች። "ሳቂታ እዚያ ናታ። እንዳንረግጣት ብለን ነው።"

ሳቂታ የቡድኑ ፈጣን ነበረች። በልምምድ መሃል እዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ እያረፈች፣ ተገልብጦ የሚመጣውን ሁሉ "ቀስ! አፍንጫዬን!" እያለች ታስቅ ነበር። በዚህ ዓመት ታማ ሞተች። ልጆቹ ስለ እሷ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም፤ ቦታዋን ግን ሳይነጋገሩ ጠብቀውላታል።



እዚያው ገንዳ ላይ በተደረገው ውድድር ፈጣኑ መሃል ስለሚመደብ አራተኛው መስመር ለጠብታ ደረሳት። አሰልጣኟ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ "ፈቃድ ጠይቂያትና ግፊ" አለቻት።

ወዲያኛው ግድግዳ ላይ ሦስት ጊዜ አጋደለች። ከፊቷ ሁለት ልጆች ነበሩ። በመጨረሻው መዞሪያ ግን ሰውነቷን ሰብስባ ተገለበጠችና ግድግዳውን በሙሉ እግሯ መታችው። ከውሃው ስር ወጥታ ስትታይ አንዷን አልፋታለች። ሁለተኛ ወጣች።

አሰልጣኟ ፎጣ ይዛ ሮጠች።

"ጎበዝ! እንዴት ያለ መዞር ነው!"

"ኮች፣ ማንም የለም" አለች ልጅቷ። "ሲሚንቶ ብቻ ነው።"

አሰልጣኟ እዚያው እርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጣ አቀፈቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሳቂታ አብረው አለቀሱ።

ማታ አሰልጣኟ የውድድሩን ቪዲዮ ስታይ ሰዓቱን ሳትመዘግብ ቀረች። ጠብታ ከግድግዳው ከራቀች በኋላ ውሃው እስኪረጋ ድረስ ያንን ባዶ ጥግ ስታየው ቆየች።